ሳያዙ ከሂሳባቸው የወጣ 1,491 ዶላር፦ ባንኩ እስኪያጣራ ጊዜያዊ ክሬዲት የተጠየቀበት ጉዳይ

ጉዳዩ የሆነው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በ2024 መጋቢት ነው። ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ባንኩም የሚቆጥረው በዚያው ስለሆነ። ባለጉዳይዋ አረጋውያን በመንከባከብ ሥራ የሚተዳደሩ እናት ናቸው። የሳቸውንም የባንኩንም ስም አልጠቅስም። እኔ የገባሁበት ደብዳቤውን ለመጻፍ ነው፤ በሰፈራችን እንዲህ ያለ ወረቀት ሲመጣ ብዙ ጊዜ ወደኔ ይላካል።

ረቡዕ መጋቢት 6 ጠዋት ስልካቸው ላይ ሂሳባቸው ከዜሮ በታች መውረዱን የሚገልጽ መልእክት ደረሳቸው። የቤት ኪራይ ቼካቸው 1,400 ዶላር ነበር፤ እሱን የሚሸፍን ገንዘብ እንዳላቸው ደግሞ በደንብ ያውቃሉ። አፑን ሲከፍቱት ከቼኩ በላይ አንድ የማያውቁት መስመር አዩ፦ ማክሰኞ መጋቢት 5 የወጣ 1,486 ዶላር። ባንኩ የኪራዩን ቼክ ከፍሎታል፣ ሂሳቡን ግን ወደ ኔጌቲቭ አስገብቶ 35 ዶላር የኦቨርድራፍት ቅጣት ጨምሮበታል። ቀሪው ኔጌቲቭ 1,016 ሆነ። የዚያን ሳምንት ዓርብ ደሞዛቸው ይገባል፤ ሲገባ ደግሞ መጀመሪያ ጉድጓዱን ነው የሚሞላው። ገንዘቡ አንድ ጊዜ የተሰረቀ ቢመስልም የሚቀጥለውን ደሞዝም ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። ጊዜያዊ ክሬዲት የሚባለው፣ ባንኩ እስኪያጣራ ገንዘቡን ለጊዜው የሚመልስበት ነገር፣ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው።

ማታ አብረን ስቴትመንቱን ወደ ኋላ ስናይ ሌላም አገኘን። ሐሙስ የካቲት 29 አምስት ዶላር ወጥታለች፣ ያው ስም፣ ያው ዓይነት መስመር። አላስተዋሏትም፤ አምስት ዶላርን ማን ያስተውላል። ሌባው መጀመሪያ ትንሽ ገንዘብ ይሞክራል፣ ካለፈለት ትልቁን ይልካል። በሁለቱም መስመሮች ላይ WEB የሚሉ ሦስት ፊደሎች ነበሩ። ይሄ ማለት ክፍያው የታዘዘው በኢንተርኔት ነው፣ በካርድ አይደለም። ተቀባዩ ደግሞ አንድ የክሬዲት ካርድ ኩባንያ ነው። የሆነ ሰው የራሱን የክሬዲት ካርድ ዕዳ በሳቸው አካውንት ቁጥር ከፍሏል።

«ካርዴ ከቦርሳዬ አልወጣም እኮ ልጄ፣ እንዴት ነው የሚወስዱት?» አሉኝ።

ካርድ አያስፈልገውም። ይሄ ኤሲኤች የሚባለው መስመር ነው፤ ደሞዝ የሚገባበት፣ የመብራትና የስልክ ክፍያ የሚወጣበት ከባንክ ወደ ባንክ የሚሄድ ዝውውር። የሚፈልገው ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፦ የባንኩ ራውቲንግ ቁጥርና የአካውንቱ ቁጥር። ሁለቱም እያንዳንዱ ቼክ ላይ ታች በኩል ታትመው ነው ያሉት። የኪራይ ቼክ የሰጠ ሰው ሁሉ ሁለቱን ቁጥሮች ሰጥቷል። ከማን እጅ እንደወጣ እስካሁን አልታወቀም፣ ለክርክሩም አያስፈልግም ነበር።

እሳቸው ረቡዕ ጠዋት፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት፣ ባንኩ ጋ ደውለዋል። ይሄ ከሁሉ ይበልጥ ጠቀማቸው። የስልኩ ሰራተኛ ግን የመለሰችላቸው ይሄን ነው፦ «ይሄ ኤሲኤች ስለሆነ ገንዘቡን የወሰደውን ኩባንያ ያነጋግሩ።» እሳቸውም እውነት መስሏቸው ኩባንያው ጋ ደወሉ። ኩባንያው «የእኛ ደንበኛ ስላልሆኑ ስለዚህ ካርድ ልንነግርዎ አንችልም» አላቸው። ከሰዓት በኋላ ቅርንጫፉ ሄዱ። እዚያ ደግሞ «መጀመሪያ የፖሊስ ሪፖርት ያምጡ» ተባሉ። ሰው ግማሽ መንገድ ላይ የሚተወው እንዲህ ሲመላለስ ነው። ያበሳጨኝም ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ሁለቱም መልስ ከሕጉ ጋር አይሄድም።

ሕጉ የ1978ቱ የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ዝውውር ሕግ ነው፤ ማስፈጸሚያ ደንቡ ሬጉሌሽን ኢ ይባላል። ስህተት እንዴት እንደሚታረም የሚናገረው ክፍል 1005.11 ነው። ባንኩ አቤቱታ ከደረሰው ቶሎ ማጣራት አለበት። ማጣራቱን ለመጀመር የፖሊስ ሪፖርት እስኪመጣ ወይም ደንበኛው ኩባንያውን እስኪያናግር መጠበቅ አይችልም። ሪፖርት ካለ ቢሰጡት ይጠቅማል፤ ቅድመ ሁኔታ ግን አይደለም። ዝውውሩን ደንበኛው ፈቅዶታል የሚል ከሆነም ማስረዳት ያለበት ባንኩ ነው፣ ደንበኛው አይደለም።

ጊዜያዊ ክሬዲቱ ከዚህ ይመጣል። ባንኩ አቤቱታውን ከሰማ በኋላ ጉዳዩን የሚጨርስበት 10 የሥራ ቀን አለው። በዚያ ካልጨረሰ ጊዜውን እስከ 45 የካሌንደር ቀን ማራዘም ይችላል፤ ግን በነጻ አይደለም። ለማራዘም ከፈለገ በነዚያ 10 የሥራ ቀናት ውስጥ የጠፋውን ገንዘብ ለጊዜው ሂሳቡ ውስጥ መመለስ አለበት፣ ባለሂሳቡም እንደልቡ ሊጠቀምበት ይገባል። ብዙ ወገኖቻችን ይሄን እንደ ውለታ ነው የሚያዩት፤ ሥራ አስኪያጁ ደህና ሰው ከሆነ የሚያደርገው፣ ክፉ ከሆነ የሚከለክለው ነገር ይመስላቸዋል። አይደለም። ባንኩ ተጨማሪ ጊዜ የሚገዛበት ዋጋ ነው። ስለዚህ ደብዳቤ ሲጻፍ «እባካችሁ ተቸግሬአለሁ» ተብሎ አይደለም የሚጻፈው። ቀኑ ይጻፋል፣ ገንዘቡ ይጻፋል፣ እስከ መቼ መመለስ እንዳለበት ይጻፋል።

ቀኑ የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው? ዋናው ክርክር እዚህ ላይ ነበር። በደንቡ አቤቱታ በቃልም ይሆናል። በስልክ ስምህንና አካውንትህን፣ የትኛው ክፍያ እንደሆነ፣ ለምን ስህተት ነው እንደምትል ከተናገርክ አቤቱታ አቅርበሃል፣ ሰዓቱ መቁጠር ጀምሯል። ባንኩ በጽሑፍ አረጋግጥልኝ ማለት ይችላል፤ ያኔ ጽሑፉ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መድረስ አለበት፣ ካልደረሰ ባንኩ ጊዜያዊ ክሬዲቱን ያለመስጠት መብት ያገኛል። ግን ጽሑፉ በጊዜው ከደረሰ ቆጠራው ከስልኩ ቀን ነው፣ ወረቀቱ ከገባበት ቀን አይደለም። በኛ ጉዳይ ስልኩ የተደወለው መጋቢት 6 ነው። የሚቀጥለውን ቀን አንድ ብለን ቅዳሜና እሑድን እየዘለልን ስንቆጥር አሥረኛው የሥራ ቀን ረቡዕ መጋቢት 20 ላይ ወደቀ።

ማረጋገጫው ስልካቸው ላይ ነበር። የጥሪ ታሪኩ ቁጥሩን፣ ሰዓቱንና ስንት ደቂቃ እንደተነጋገሩ ያሳያል። ስክሪንሾት አነሳነው። የሰራተኛዋን ስም ባያስታውሱም «ኩባንያውን ያነጋግሩ» መባላቸውን በደንብ ያስታውሳሉ፤ እሱም ደብዳቤው ውስጥ ገባ። ያ መልስ እራሱ ጉዳዩን በዚያ ቀን ማስረዳታቸውን ያሳያላ።

ቅርንጫፉ ሐሙስ ዕለት በመጨረሻ አንድ ቅጽ ሰጣቸው። ያልተፈቀደ ዴቢት የሚገለጽበት ቅጽ ነው፤ ባንኩ ገንዘቡን ከወሰደው ኩባንያ ባንክ በኤሲኤች መልሶ ለመሳብ ይጠቀምበታል። ቅጹን አርብ ቤታቸው አየሁት። ሰራተኛው ራሱ ሞልቶ፣ እሳቸው ገና ሳይፈርሙ ኮፒውን ይዘውት መጥተው ነው፤ እንኳን ሳይፈርሙ መጡ። ምክንያቱም ላይ የሚመረጡ ሳጥኖች አሉ። አንደኛው በሐሳብ ደረጃ «ይህን ኩባንያ አላውቀውም፣ ፈቃድም አልሰጠሁም» ይላል። ሌላው «ፈቃድ ሰጥቼ ነበር፣ ኋላ ሰርዣለሁ» ይላል። ሰራተኛው ምልክት ያደረገው ሁለተኛው ላይ ነበር። ምናልባት ቸኩሎ ይሆናል። ያ ምልክት ግን ፊርማ ካረፈበት ባለሂሳቧ ራሳቸው አንድ ጊዜ ፈቅጄ ነበር ብለው እንደመሰከሩ ነው የሚቆጠረው፣ ከዚያ በኋላ «አላውቃቸውም» ማለት ከራስ ቃል ጋር መጣላት ይሆናል። አዲስ ቅጽ አስወጥተን በመጀመሪያው ሳጥን ተሞላ። ቅጹ ላይ የተጻፈው መጠንም 1,486 ብቻ ነበር፤ አምስቷን ዶላር ጨምረን ሁለት መስመር አደረግነው። አምስቷ የምትገባው ለገንዘቧ ተብሎ አይደለም፣ ሌባው መጀመሪያ እንደሞከረ ስለምታሳይ ነው።

በዚያው ቅርንጫፍ «ስቶፕ ፔይመንት እናድርግልዎት» ተብለዋል፣ ክፍያ አለው። እምቢ እንዲሉ ነው የነገርኳቸው። ስቶፕ ፔይመንት አንተ የፈቀድከውን፣ ወደፊት የሚመጣ ክፍያ ለማስቆም ነው። የወጣ ገንዘብ አይመልስም፣ አቤቱታም አይተካም።

ደብዳቤው ሰኞ መጋቢት 11 ገባ፤ አንዱ ቅጂ ቅርንጫፉ ላይ «ደርሶናል» የሚል ማህተምና ቀን ተደርጎበት፣ ሌላው በሰርቲፋይድ ሜይል ወደ ባንኩ የአቤቱታ አድራሻ። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፣ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ፍሬ ነገሩ በኛ ቋንቋ ይሄን ይመስላል፦

«የአካውንቴ ቁጥር በእነዚህና በእነዚህ አሃዞች ያልቃል። በየካቲት 29 ቀን 5.00 ዶላር፣ በመጋቢት 5 ቀን 1,486.00 ዶላር ከአካውንቴ ወጥቷል። ሁለቱንም አላዘዝኩም፣ ማንንም አልወከልኩም፣ ከተቀባዩ ኩባንያ ጋር ምንም ግንኙነት የለኝም፣ ከክፍያውም ምንም ጥቅም አላገኘሁም። ይህን በመጋቢት 6 ቀን ጠዋት በስልክ አሳውቄአችኋለሁ፤ ይህ ደብዳቤ የዚያ ማረጋገጫ ነው። ማጣራቱን እስከ መጋቢት 20 ካልጨረሳችሁ በሬጉሌሽን ኢ 1005.11 መሠረት 1,491.00 ዶላር ለጊዜው ሂሳቤ ውስጥ እንድትመልሱ እጠይቃለሁ። በዚህ ምክንያት የተቆረጠብኝ 35 ዶላር የኦቨርድራፍት ክፍያም እንዲመለስ እጠይቃለሁ። መልሳችሁን በጽሑፍ ስጡኝ።»

«ከክፍያውም ምንም ጥቅም አላገኘሁም» የምትለውን ሐረግ በደንብ አስበንባት ነው ያስገባናት። ደንቡ ያልተፈቀደ ዝውውር ብሎ የሚቆጥረው ከባለሂሳቡ ሌላ በሆነ ሰው፣ ያለ ሥልጣን የተጀመረውንና ባለሂሳቡ ያልተጠቀመበትን ነው። ያንን ካልጻፍክ መርማሪው ጥያቄ ይዞ ይመለሳል፣ ጊዜም ይሄዳል።

ሐሙስ መጋቢት 14 ከባንኩ ደብዳቤ መጣ። የክሌም ቁጥር አለው፣ «አቤቱታዎ መጋቢት 11 ደርሶናል፣ ማጣራቱ እስከ 45 ቀን ሊወስድ ይችላል» ይላል። ስለ ጊዜያዊ ክሬዲት አንድም ቃል የለም። ልብ በሉ፣ 45ቱን ቀን ወስደዋል፣ የቀኑን መነሻ ደግሞ አምስት ቀን ወደፊት ገፍተውታል። በነሱ አቆጣጠር አሥረኛው የሥራ ቀን መጋቢት 25 ይሆናል። አንድ ሳምንት የማይሞላ ልዩነት ነው፣ ግን በመሃል ሌላ ደሞዝ የሚበላበት፣ የኢንሹራንስ ክፍያ በገንዘብ እጥረት ሳይከፈል የሚመለስበት ሳምንት ነው።

የክሌም ቁጥሩን ከላይ አድርገን አጭር ሁለተኛ ደብዳቤ ላክን። የስልክ ጥሪውን ስክሪንሾት አያያዝን፣ ቆጠራው ከመጋቢት 6 እንደሚጀምር ጻፍን፣ እስከ 20 ካልተመለሰ ለኦሲሲ አቤት እንደምንል ገለጽን። ኦሲሲ በፌዴራል ደረጃ የተቋቋሙ ባንኮችን የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት ነው። የባንኩ ሙሉ ስም መጨረሻ ላይ N.A. የሚል ካለ ተቆጣጣሪው እሱ ነው። ክሬዲት ዩኒየን ከሆነ በሌላ በኩል ይኬዳል፤ የፌዴራል ክሬዲት ዩኒየኖችን የሚቆጣጠረው ኤንሲዩኤ ነው። ይሄን ማስፈራሪያ ብዬ አልጻፍኩትም። ቀኑ ካለፈ ቅሬታውን እንደማስገባ ወስኜ ነበር።

ረቡዕ መጋቢት 20 ጠዋት ገንዘቡ ገባ። 1,441 ዶላር።

ሃምሳ ዶላር ጎድሏል። ሰራተኛው በስልክ «ሕጉ ሃምሳ ዶላር እንድናስቀር ይፈቅድልናል» አለ። ግማሹ እውነት ነው። ደንቡ ባንኩ ከጊዜያዊ ክሬዲቱ ላይ እስከ 50 ዶላር እንዲይዝ የሚፈቅድበት ሁኔታ አለ። ያ ሃምሳ ዶላር የሚመጣው ግን ዴቢት ካርድ ወይም የይለፍ ኮድ ጠፍቶ ወይም ተሰርቆ በዚያ ገንዘብ ሲወጣ ባለሂሳቡ ሊሸከም ከሚችለው ድርሻ ነው፤ መጥፋቱን ባወቀ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ካሳወቀ እስከ 50፣ ከዘገየ እስከ 500 ዶላር። እዚህ ግን ካርድ አልጠፋም፣ ኮድ አልተሰረቀም፣ የወጣው በአካውንት ቁጥር ብቻ ነው። እንዲህ ባለው ዝውውር 50ውም 500ውም አይሠራም። የሚሠራው አንድ ገደብ ብቻ ነው፦ ስቴትመንቱ ከተላከ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ ማሳወቅ። ከዚያ ካለፈ፣ ከ60ው ቀን በኋላ የሚወጣውን ባንኩ ላይመልስ ይችላል። እሳቸው የስልኩ መልእክት እንደደረሳቸው ነው የደወሉት። ይሄን በሦስት መስመር ጽፈን ላክን፣ ሃምሳዋም በማግስቱ ተጨመረች። ማንም ይቅርታ አላለም፣ አልጠበቅንምም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልጨምር። ጊዜያዊ ክሬዲት ጊዜያዊ ነው። ባንኩ አጣርቶ ስህተት የለም ካለ መልሶ ይወስደዋል። ሲወስድ ግን ዝም ብሎ አይደለም። የደረሰበትን በጽሑፍ ማስረዳት አለበት፣ ውሳኔውን የመሠረተባቸውን ሰነዶች ኮፒ ከጠየቅክ መስጠት አለበት። ገንዘቡን መቼና ስንት እንደሚቆርጥ ያሳውቅሃል፤ ካሳወቀህ በኋላም ለ5 የሥራ ቀን ቼኮችህንና ቀድመህ ያዘዝካቸውን ቋሚ ክፍያዎች ያለ ኦቨርድራፍት ቅጣት ማሳለፍ አለበት። እሳቸውን ገንዘቡን ለጊዜው ለኪራይና ለአስቤዛ እንጂ ለሌላ እንዳያንቀሳቅሱት የነገርኳቸው ለዚህ ነው። ሰው የተመለሰለት መስሎት አገር ቤት ይልከዋል፣ ከወር በኋላ ባንኩ ሲወስደው ሂሳቡ እንደገና ኔጌቲቭ ይገባል።

ቀነ ገደቡም ሁሌ 10 እና 45 አይደለም። የመጀመሪያው ገንዘብ ከገባ 30 ቀን ባልሞላው አዲስ አካውንት ላይ ከሆነ ባንኩ ክሬዲቱን እስከ 20 የሥራ ቀን ማቆየት ይችላል። በዚያው አዲስ አካውንት፣ በሱቅ ዴቢት ካርድ ክፍያና ከአሜሪካ ውጭ በተጀመረ ዝውውር ላይ ደግሞ ማጣራቱ እስከ 90 ቀን ይሄዳል። ለትራክ ሾፌሮቻችንና ሱቅ ላላቸው ወገኖች ደግሞ ከባዱ ነገር ይሄ ነው፦ ሬጉሌሽን ኢ የግል አካውንትን ነው የሚጠብቀው። ገንዘቡ የወጣው በኤልኤልሲ ስም ከተከፈተ የቢዝነስ አካውንት ከሆነ በዚህ ደንብ ጊዜያዊ ክሬዲት መጠየቅ አይቻልም፤ ከባንኩ ጋር በተፈረመው ውል ነው የምትከራከረው፣ ለማሳወቅ ያለህ ጊዜም በጣም አጭር ሊሆን ይችላል። የቢዝነስ አካውንት ያለው ሰው ሂሳቡን በየቀኑ ማየት አለበት የምለው ለዚህ ነው።

በዜል ስለሚወጣ ገንዘብም ይጠይቁኛል። ተታለህ ራስህ ከላክኸው ዝውውሩን የጀመርከው አንተ ነህ፣ «ያልተፈቀደ» የሚለው ውስጥ መግባቱ ይከብዳል። ሌባው ግን በማታለል ኮድህን ወስዶ፣ ራሱ ገብቶ ከላከው ያልተፈቀደ ነው፤ ኮዱን አንተ መስጠትህ አይለውጠውም። ደብዳቤው ላይ ማን እንደላከው በግልጽ መጻፍ ያለበት ለዚህ ነው።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። ሚያዝያ 9 የመጨረሻው ደብዳቤ መጣ። ስህተት መፈጠሩን ባንኩ ተቀብሏል፣ ክሬዲቱ ቋሚ ሆኗል። 35 ዶላሯ ግን አልተጠቀሰችም። ስህተት ተፈጥሯል ከተባለ በሱ ምክንያት ባንኩ ራሱ የቆረጠው ክፍያም መመለስ አለበት፣ ይሄም ደንቡ ላይ ያለ ነው። አንድ ስልክ ነው የፈጀው፤ ሰራተኛው መስመር ላይ እያለ መለሰው።

አካውንቱን ዘጉት። ቁጥሩ አንዴ በሌላ ሰው እጅ ገብቷል፣ ነገ በሌላ ኩባንያ በኩል ሊመጣ ይችላል። መጀመሪያ አዲሱን ከፈቱ፣ ደሞዛቸውን በሥራ ቦታቸው አዛወሩ፣ የስልክና የኢንሹራንስ ክፍያውን ቀየሩ፣ አሮጌውን የዘጉት የመጨረሻው ደብዳቤ ከመጣና 35 ዶላሯ ከገባች በኋላ ነው። ኪራዩን አሁን በአከራዩ ፖርታል ነው የሚከፍሉት። የቀሩትን አሮጌ ቼኮች አንድ በአንድ ቀደዷቸው።